ስክሪንሾቱን ለማያይ አንባቢ፦ «ምስሉን ይመልከቱ» ከተባለ በኋላ ምን ይሰማል?

በጅማ ዙሪያ ያለ አንድ የቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር በመረከቢያ ጣቢያዎቹ ለሚሠሩ ጸሐፊዎች የኤክሴል መመሪያ አዘጋጀ እንበል። በዎርድ የተጻፈ 14 ገጽ ሰነድ ነው፤ 9 ስክሪንሾት አለበት፤ በቴሌግራም ለሁሉም ተላከ። ከጸሐፊዎቹ አንዷ ዓይነ ስውር ናት። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብላት ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም አላት። ሰነዱን ከፍታ ስታዳምጥ ደረጃ 5 ላይ የምትሰማው እንዲህ ነው፦

«ድምሩ ላይ ስህተት ከመጣ ምክንያቱን በምስል 3 እንደሚታየው ፈልገው ያስተካክሉ። ግራፊክ፣ ኤ ስክሪንሾት ኦፍ ኤ ኮምፒውተር። ደረጃ 6፦ ፋይሉን ሴቭ ያድርጉ።»

ስህተቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የትኛው ሴል ላይ እንደሆነ፣ ከምን እንደመጣ፣ ሁሉም ምስሉ ውስጥ ቀርቷል። ከዚህ በታች የምናየው ያንን አንድ ምስል ነው፤ «ምስል 3»ን ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን።

ስክሪን ሪደሩ ምስሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለምን አያነበውም?

ስክሪንሾት ውስጥ ያለ ፊደል ፊደል አይደለም፤ የቀለም ነጠብጣብ ነው። መዝገብ ላይ የተጻፈን ስም በስልክ ፎቶ ቢያነሱት ስሙ ለዓይን ይታያል፤ ስልኩ ግን «ስም» መሆኑን አያውቅም። ማረጋገጥ ለሚፈልግ ቀላል መንገድ አለ፦ ሰነዱን ይክፈቱና በስክሪንሾቱ ውስጥ ያለ አንድ ቃል በማውስ ለመምረጥ ይሞክሩ። ቃሉ ለብቻው ካልተመረጠ፣ ለስክሪን ሪደሩም የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ስክሪን ሪደሩ ምስል ሲያጋጥመው ከምስሉ ጋር ተያይዞ የተቀመጠ ጽሑፍ እንዳለ ይፈልጋል። ያ ጽሑፍ አማራጭ ጽሑፍ ይባላል፤ በተለምዶ አልት ቴክስት የሚሉት ነው። ገጹ ላይ አይታይም፤ አይታተምም፤ ምስሉ ጋ ሲደረስ ግን ይነበባል። በነፃ የሚገኘው NVDAም፣ በክፍያ የሚገኘው JAWSም፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው Narratorም፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው TalkBackም የሚፈልጉት ይህንኑ ጽሑፍ ነው።

ከላይ የተሰማው «ኤ ስክሪንሾት ኦፍ ኤ ኮምፒውተር» ከየት መጣ? አንዳንድ የዎርድ ዕትሞች ምስል ሲገባ ራሳቸው ግምት ይጽፋሉ። ከሥሩም ብዙውን ጊዜ Description automatically generated የሚል መስመር ያክላሉ። ስክሪንሾት ሲሆን ግምቱ ከሞላ ጎደል ሁሌም ያው ነው፤ ዘጠኙም ምስሎች «የኮምፒውተር ስክሪንሾት» ተብለው ያልፋሉ። ባዶ ከመተው የሚከፋበት ምክንያት አለው፦ ባዶ ቢሆን ኖሮ የሰነዱ መፈተሻ «እዚህ ጽሑፍ ጎድሏል» ብሎ ይጠቁም ነበር። አሁን ግን የሆነ ነገር ስለተጻፈ ዝም ሊል ይችላል።

የት ነው የሚጻፈው?

ዎርድ ላይ ምስሉን በቀኝ ክሊክ ነክተው View Alt Text የሚለውን ይምረጡ (በአንዳንድ ዕትሞች Edit Alt Text ይላል)። በቀኝ በኩል ሳጥን ይከፈታል፤ እዚያ ይጻፋል። ጎግል ዶክስ ላይ ምስሉን መርጠው Ctrl + Alt + Y ቢጫኑ ይመጣል።

መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ያስተካክሉ፤ ሁለቱም ብዙ ሰው የሚስታቸው ናቸው።

አንደኛው የምስሉ አቀማመጥ ነው። ዎርድ ላይ ምስል ሲነኩ አጠገቡ በሚወጣው Layout Options ውስጥ In Line with Text የሚለው መመረጥ አለበት። ይህ ማለት ምስሉ እንደ አንድ ትልቅ ፊደል በአረፍተ ነገሮቹ መካከል ቦታውን ይዞ ይቀመጣል ማለት ነው። ምስሉ ከጽሑፉ በላይ ወይም በስተጀርባ እንዲንሳፈፍ ከተደረገ ግን ቦታው ለዓይን እንጂ ለንባብ ቅደም ተከተል አይገዛም። ደረጃ 5 ሥር የሚታይ ምስል ደረጃ 7 ጋ ሊነበብ፣ ወይም ጨርሶ ሊዘለል ይችላል።

ሁለተኛው ቀዩ ክብና ቀስቱ ነው። አብዛኛው ሰው ስክሪንሾቱን ዎርድ ውስጥ ያስገባና Insert ውስጥ ካለው Shapes ክብ አምጥቶ ከላዩ ያስቀምጣል። ለዓይን አንድ ሥዕል ይመስላል፤ ለዎርድ ግን ሦስት ዕቃ ነው፦ ምስሉ፣ ክቡ፣ ቀስቱ። ክቡና ቀስቱ የየራሳቸው አልት ቴክስት የሚጠብቁ ተንሳፋፊ ዕቃዎች ይሆናሉ፤ ኋላ መስመር ሲጨመር ደግሞ ክቡ ከቦታው ሸሽቶ የማይመለከተውን ሴል ይከባል፤ ይህ ለሚያየውም ሰው ችግር ነው። መፍትሔው ክብና ቀስቱን ሰነዱ ውስጥ ከማስገባት በፊት በፔይንት ወይም በስክሪንሾት ማንሻው ራሱ ላይ ስሎ፣ አንድ ምስል አድርጎ ማስገባት ነው።

እግረ መንገድ፦ ሙሉውን ስክሪን ከነሰዓቱና ከነታስክባሩ አያንሱ። Windows + Shift + S ተጭነው የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ይቁረጡ። የተቆረጠ ምስል ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ራሱ ምስሉ ይነግራል፤ ያልተቆረጠ ምስል ግን ጸሐፊውን ስለ ሁሉም ነገር እንዲያወራ ይገፋፋዋል።

እሺ፣ ምን ልጻፍ?

ምስል 3 ላይ ያለውን በዝርዝር እንየው። አቅራቢዎች ያመጡት እሸት ቡና የተመዘገበበት የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። ዓምድ A የአቅራቢ ስም፣ B ኪሎ፣ C የአንዱ ኪሎ ዋጋ፣ D ጠቅላላ ዋጋ ነው። ከረድፍ 2 እስከ 6 አምስት አቅራቢዎች አሉ፤ ረድፍ 7 ድምር ነው። D4 ላይ በቁጥር ፈንታ #VALUE! የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ በቀይ ክብ ተከቧል። D7ም እንዲሁ #VALUE! ይላል። ከD4 የተነሳ ቀስት ወደ B4 ይጠቁማል። B4 ላይ የተጻፈው «7 ፈረሱላ» ነው።

የስህተቱ ምክንያት እዚህ ነው። ኤክሴል B4ን በC4 ለማባዛት ሲሞክር B4 ውስጥ ያገኘው ቁጥር ሳይሆን ቃል ነው፤ ቃል አይባዛም። D4 ሲበላሽ ደግሞ ድምሩ D7 አብሮ ይበላሻል፤ ምክንያቱም ከሚደምራቸው አንዱ ስህተት ከሆነ ድምሩም ስህተት ያወጣል።

አሁን አጋሮ ላለ ባልደረባዎ ስልክ ደውለው ይህንን ሊያስረዱት ነው እንበል። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አይሄዱም። «ከላይ አረንጓዴ መስመር አለ፣ ከሥሩ Home፣ Insert የሚሉ አሉ፣ በግራ በኩል ቁጥሮች ተደርድረዋል…» አይሉትም። «B4 ላይ ቁጥር መጻፍ ሲገባህ ‹7 ፈረሱላ› ብለሃል፤ ለዚያ ነው D4ም ድምሩም የተበላሸው» ይሉታል። አልት ቴክስት ማለት ያ የስልክ ዓረፍተ ነገር ነው።

በዚህ ሚዛን አንድ ጸሐፊ ሊሞክራቸው የሚችሉ ጽሑፎችን እንመዝን።

«ምስል3.png» ወይም «የኤክሴል ስክሪንሾት»፦ ይህ የዕቃውን ስም ይናገራል እንጂ በውስጡ ያለውን አይናገርም። አድማጯ ኤክሴል መሆኑን ከመመሪያው ርዕስ አውቃለች።

«ቀይ ክብ እና ቀስት ያለበት ሠንጠረዥ»፦ ይህ ጣቱን እንጂ ጣቱ የጠቆመውን አያይም። ክቡ የተሳለው ለማየት የሚችል ሰው ዓይኑን D4 ላይ እንዲያሳርፍ ነው፤ ለማታይ ሰው «D4» ማለት ያንኑ ሥራ ይሠራል። በቀይ ይሁን በሰማያዊ ለውጥ የለውም።

«የኤክሴል መስኮት። ከላይ File፣ Home፣ Insert፣ Page Layout፣ Formulas የሚሉ ትሮች አሉ። ከሥራቸው የፊደል መጠን 11…»፦ ጸሐፊው ታማኝ ለመሆን ፈልጎ ሁሉንም ቆጠረ። አድማጯ ግን ዋናው ነገር እስኪመጣ ትጠብቃለች፤ ዓይን ያለው ሰው በአንድ እይታ የሚዘለውን እሷ መስማት አለባት። ብዙ ሰው በዚህ መካከል ትዕግሥቱ አልቆ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ያልፋል፤ ያኔ ምስሉ ባዶ እንደተተወ ነው የሚቆጠረው።

የሚሠራው ይህን ይመስላል፦

«የኤክሴል ሠንጠረዥ፦ የኪሎ ዓምድ ውስጥ B4 ላይ በቁጥር ፈንታ ‹7 ፈረሱላ› ተጽፏል። በዚህ ምክንያት D4 እና ድምሩ D7 #VALUE! ያሳያሉ፤ የሌሎቹ ረድፎች ዋጋ በትክክል ወጥቷል።»

ሦስት ነገር ይዟል፦ የት እንዳለን (ኤክሴል፣ የኪሎ ዓምድ)፣ ምን እንደሚታይ (B4፣ D4፣ D7)፣ ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ («በዚህ ምክንያት»)። የመጨረሻው ቀስቱ ሲሠራው የነበረው ሥራ ነው። «የሌሎቹ ረድፎች ዋጋ በትክክል ወጥቷል» የሚለውም ዝም ብሎ አልገባም፤ ዓይን ያለው አንባቢ ስህተቱ በአንድ ረድፍ ብቻ እንደተወሰነ ሳያስበው ያያል፤ ለአድማጯ ግን ካልተነገራት አይታወቅም።

«ምስል» ወይም «ፎቶ» ብሎ መጀመር አያስፈልግም፤ ስክሪን ሪደሩ ራሱ «ግራፊክ» ብሎ ያስተዋውቀዋል። መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ማድረግ ግን ይጠቅማል፤ ያለዚያ ድምፁ ሳያርፍ ከምስሉ ቀጥሎ ካለው ዓረፍተ ነገር ጋር ሊያያይዘው ይችላል።

ማስተካከያውንስ እዚያው ልጨምረው?

አይጨምሩት። እዚህ ላይ ነው ደግ ልብ ያላቸው ጸሐፊዎች የሚሳሳቱት። አልት ቴክስት የማይታይ ቦታ ስለሆነ፣ እዚያ የተጻፈ መመሪያ ለሚያየው ሰው የለም። 7 ፈረሱላ 119 ኪሎ ስለሆነ B4 ላይ 119 ብቻ ይጻፍ የሚለው ደግሞ የሁሉም ጸሐፊ ጉዳይ ነው።

ምስል 3ን በጥንቃቄ ያየ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል፦ የደረጃ 5 ጽሑፍ ራሱ ጎደሎ ነው። «በምስል 3 እንደሚታየው ያስተካክሉ» አለ እንጂ እንዴት እንደሚስተካከል ምስሉም አይናገርም። ማየት የሚችለውም ጸሐፊ 7 ፈረሱላን ወደ ኪሎ መለወጥ እንዳለበት ገምቶ ነው የሚደርስበት። ስለዚህ የሰነዱ ጽሑፍ እንዲህ መሆን ነበረበት፦

«የኪሎ ዓምድ ውስጥ ቁጥር ብቻ ይጻፉ። ‹ኪሎ› ወይም ‹ፈረሱላ› የሚል ቃል ከቁጥሩ ጋር ከገባ ኤክሴል ማባዛት አይችልም፤ #VALUE! ይላል። አቅራቢው በፈረሱላ ከነገረዎ በ17 አባዝተው በኪሎ ያስገቡ፦ 7 ፈረሱላ 119 ኪሎ ነው። ቀመሮቹ እነዚህ ናቸው፤ አይነኩም፦»

```
D4:  =B4*C4
D7:  =SUM(D2:D6)
```

ጽሑፉ እንዲህ ከተሟላ አልት ቴክስቱ ሊያጥር ይችላል፦ «ከላይ የተገለጸው ስህተት በሠንጠረዥ ላይ፦ B4 ‹7 ፈረሱላ›፣ D4 እና D7 #VALUE!።» ሁለቱ በሚዛን እንዳሉ ሁለት ሳህኖች ናቸው፤ ጽሑፉ የያዘውን አልት ቴክስቱ መድገም የለበትም፤ ጽሑፉ የተወውን ግን መሸከም አለበት።

ቀመሩን አልት ቴክስት ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ የማይሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። ዎርድ ላይ አልት ቴክስት እንደ አንድ ቁራጭ ይነበባል፤ አድማጯ በቀስት ቁልፍ ገብታ ፊደል በፊደል ልታጣራው፣ ኮፒ አድርጋም ወደ ኤክሴል ልትወስደው አትችልም። በዚያ ላይ NVDA ከመጫን በኋላ ሳይነካ በሚሠራበት የምልክት ደረጃ ቅንፍንና ሁለት ነጥብን በስማቸው አይጠራም። =SUM(D2:D6) የሚለውን ስትሰማ እኩል ይሆናል የሚለው ምልክት፣ SUM፣ D2፣ D6 ነው የሚሰማት፤ ቅንፉም በመካከል ያለው : ምልክትም አይሰማም። #VALUE! ደግሞ «ነምበር ቫልዩ» ሆኖ ይደርሳታል፤ ቃለ አጋኖው ይጠፋል። ቀመሩ በተራ ጽሑፍ ከተቀመጠ ግን መስመሩ ላይ ሄዳ እያንዳንዱን ምልክት ለየብቻ ታዳምጣለች። ስህተት መልእክት፣ የድረ ገጽ አድራሻ፣ የሚተየብ ትእዛዝ፣ ኮድ፣ ሁሉም በዚሁ ይዳኛል፦ በስክሪንሾት ብቻ አይቀመጥም።

ሠንጠረዡ ራሱ ትምህርቱ ከሆነስ? ማለትም አንባቢው አምስቱንም ረድፍ አንድ በአንድ ማየት ካለበት? ያኔ ስክሪንሾቱ ትክክለኛ መሣሪያ አይደለም። ዎርድ ውስጥ እውነተኛ ሠንጠረዥ ይሥሩ። አልት ቴክስት ውስጥ ረድፍና ዓምድ የለም፤ Enter ቢመቱም አንቀጽ አይሆንም፤ ሃያ ሴል በአንድ ትንፋሽ ይነበባል።

ርዝመቱ ስንት ነው? 125 ፊደል የሚባለውስ?

125 ፊደል የሚለው ልማድ የመጣው JAWS ረጅም አልት ቴክስትን በዚያ መጠን አካባቢ እየቆራረጠ ያነብ ስለነበር ነው። ሕግ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ስለተጻፈ የሚጠፋ ነገር የለም። ለስክሪንሾት አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሦስተኛው ላይ ከደረሱ ብዙውን ጊዜ ወይ ምስሉ አልተቆረጠም፣ ወይ ወደ ሰነዱ ጽሑፍ መሄድ ያለበት ነገር ገብቷል፣ ወይ አንድ ምስል የሁለት ደረጃ ሥራ ተጭኖበታል።

አማርኛና እንግሊዝኛ ሲቀላቀሉስ?

ይህ የኛ ችግር ነው፤ በእንግሊዝኛ በሚጻፉ መመሪያዎች ላይ አይገኝም። የሰነዱ ቋንቋ አማርኛ፣ የኤክሴሉ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው።

ስክሪኑ ላይ Save የሚል ቁልፍ ካለ «Save» ብለው በላቲን ፊደል ይጻፉ፤ «አስቀምጥ» ብለው አይተርጉሙት። አድማጯ ወደ ኤክሴል ስትሄድ ከስክሪን ሪደሩ የምትሰማው ሴቭ የሚለውን ነው፤ «አስቀምጥ» የሚል ቁልፍ ፈልጋ አታገኝም። ትርጉሙን መስጠት ካስፈለገ በሰነዱ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጊዜ ይበቃል። ከስክሪኑ ስሞች ውጪ ያለው ግን ሁሉ በአማርኛ ይሁን፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ ማድረግ ድምፁ በየቃሉ እንዲቀያየር ያደርገዋል።

አማርኛውን የሚያነብ ድምፅም መኖር አለበት። ከNVDA ጋር አብሮ የሚመጣው eSpeak NG አማርኛ ይችላል፤ አነባበቡ የብረት ድምፅ አለው፤ ግን ያነባል። የግዕዝ ፊደል የማያውቅ ድምፅ ከተመረጠ ግን አማርኛው ወይ በዝምታ ይታለፋል ወይ የማይገባ ነገር ይሆናል። ሰነዱን የሚያዘጋጀው ሰው የአድማጩን ድምፅ መምረጥ አይችልም፤ ዎርድ ላይ ግን ጽሑፉን መርጦ Review፣ Language፣ Set Proofing Language ገብቶ Amharic ማለት ይችላል። ለሰነዱ ጽሑፍ ይህ ቋንቋውን ለስክሪን ሪደሩ ይነግረዋል። የአልት ቴክስት ሳጥን ግን የራሱ የቋንቋ ምርጫ የለውም፤ ቀመሩንና ዋናውን ማብራሪያ በሰነዱ ጽሑፍ ላይ ማስቀመጥ የሚመረጥበት ተጨማሪ ምክንያት ይኸው ነው።

ባዶ መተው የሚቻልበት ጊዜ አለ?

አልት ቴክስት በሚጻፍበት ሳጥን ሥር Mark as decorative የሚል ምርጫ አለ፤ «ይህ ምስል ለጌጥ ነው፣ ዝለለው» ማለት ነው። ለማኅበሩ ዓርማ ወይም ለገጽ ማስዋቢያ ልክ ነው። ስክሪንሾት ግን ለጌጥ አይገባም። ጽሑፉ ሁሉንም ቢናገርም እንኳ ምስሉ ቁጥር ካለው አንዘልለው፤ አንድ ባልደረባዋ «ምስል 3 ላይ ያለውን አየሽው?» ቢላት ምስል 3 የሚባል ነገር መኖሩን ማወቅ አለባት። አጭር አንድ መስመር ይበቃዋል።

መጻፍ የማይገባው ነገርም አለ። ስክሪንሾቱ ላይ የአቅራቢዎቹን ስም ወይም ስልክ በጥቁር ሸፍነው ከሆነ አልት ቴክስቱ ውስጥ መልሰው አይጻፉት። የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ሠንጠረዡን ከምስሉ ሳይሆን ከዋናው ፋይል እያዩ የሚጽፉ ሰዎች በቀላሉ የሚሠሩት ስህተት ነው። «የአቅራቢዎቹ ስም ተሸፍኗል» ማለት ይበቃል።

ወደ ፒዲኤፍ ስቀይረው ሁሉም ጠፋ። ለምን?

ዎርድ ላይ በትክክል የተሠራ ሰነድ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። መመሪያውን ወደ ፒዲኤፍ ለመቀየር Print ገብተው Microsoft Print to PDF ከመረጡ ኮምፒውተሩ ሰነዱን እንደ ወረቀት ነው የሚያትመው። ወረቀት ላይ የማይታይ ነገር አይታተምም፤ አልት ቴክስት ደግሞ የማይታይ ነው። ርዕሶቹም የርዕስነት ምልክታቸውን ያጣሉ።

በምትኩ File፣ Save As ገብተው ዓይነቱን PDF ያድርጉ፤ Options የሚለውን ተጭነው Document structure tags for accessibility የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን ያረጋግጡ። ታግ የሚባለው «ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ ምስል ነው፣ ጽሑፉም ይህ ነው» እያለ ከፋይሉ ጋር የሚጓዝ ድብቅ መለያ ነው። ሰነዱን አትሞ፣ ስካን አድርጎ፣ መልሶ መላክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ያኔ ሰነዱ ራሱ 14 ስክሪንሾት ሆነ ማለት ነው።

አማራጭ ካለዎት የዎርዱን ፋይል አብረው ይላኩ። የምስሉን ቦታ፣ ርዕሶቹንም ሠንጠረዡንም ይዞ ይሄዳል።

መጨረሻ ላይ እንዴት ይፈተሻል?

Review ውስጥ ያለው Check Accessibility ስለ ምስሎች ሁለት ነገር ይይዛል፦ አልት ቴክስት ጨርሶ የሌለውን ምስልና ከጽሑፉ መስመር ውጪ የተንሳፈፈውን። ጽሑፉ ትርጉም ያለው ይሁን አይሁን አይመዝንም፤ «የኤክሴል ስክሪንሾት» ብለው ቢጽፉም ያሳልፈዋል። ስለዚህ ንጹሕ ውጤት ሲያወጣ ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ቀሪው በጆሮ ነው። NVDAን አውርደው ያስነሱ፤ ሰነዱን ይክፈቱ፤ Insert እና ታች ቀስት ሲጫኑ ከጠቋሚው ጀምሮ ማንበብ ይጀምራል፤ Ctrl ሲጫኑ ዝም ይላል። ምስሎቹን ብቻ ለመስማት Insert እና Space ተጭነው ወደ አሰሳ ሁኔታ ይግቡና G የሚለውን ፊደል ደጋግመው ይምቱ፤ ከምስል ወደ ምስል ይዘላል። ድምፁን መከታተል ካስቸገረ በNVDA ሜኑ ውስጥ Tools ሥር Speech Viewer የሚል አለ፤ የሚናገረውን በጽሑፍ እያወረደ ያሳያል።

መጫን የማይቻልበት ኮምፒውተር ላይ ከሆኑ Windows፣ Ctrl እና Enter አንድ ላይ ሲጫኑ Narrator ይነሳል። ያም ካልሆነ ምስሎቹን በሙሉ ከሰነዱ ቅጂ ላይ ያጥፉ፤ በየቦታቸው አልት ቴክስቱን ይለጥፉ፤ መመሪያውን ከዚህ በፊት ላላየ ሰው ይስጡት፤ ሥራውን በዚያ ብቻ እንዲሠራ ይጠይቁት። ደረጃ 5 ላይ ሲደርስ B4ን ከፍቶ 119 ከጻፈ ምስል 3 አልቋል። «የትኛው ሴል?» ብሎ ከጠየቀ የጎደለውን እሱ ራሱ ነግሮዎታል።

የመመሪያው ቀጣይ ዕትም ሲወጣ ደግሞ አዲሱ ስክሪንሾት በአሮጌው ቦታ ሲገባ የአሮጌው አልት ቴክስት እዚያው ሊቀር ይችላል። ሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ተጨምሮ የኪሎው ዓምድ ከB ወደ C ከሄደ፣ የሚያዩት አዲሱን C4 ያያሉ፤ የሚያዳምጡት ግን B4 እየተባሉ የአቅራቢ መለያ ቁጥር ላይ 119 ይጽፋሉ። ምስል በተቀየረ ቁጥር ሳጥኑን ከፍቶ ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።